ከሪያድ የመጣ ደረሰኝ እንዴት ይተረጎማል? ቫቱ፣ የቅናሽ ኮዱና ግርጌው ላይ ያለው የመመለሻ ደንብ

ከወሎ ወደ ዓረብ አገር ለሥራ የሄደ ሰው ብዙ ስለሆነ፣ ደሴና ኮምቦልቻ በሰው እጅ የሚገባው ዕቃም ብዙ ነው። ዕቃው ስጦታ ከሆነ ደረሰኙን ዞር ብሎ የሚያየው የለም። ሒሳብ የሚተሳሰቡበት ከሆነ ግን ነገሩ ይለወጣል። ደረሰኙ በዓረብኛና በእንግሊዝኛ ነው፤ የሚከፍለው ሰው አንዱን ቁጥር ያያል፣ የሚቀበለው ሌላውን ያያል፣ ተርጓሚ ተብሎ የተጠራው ልጅ ደግሞ ቃሉን በቃል እየተካ ሁለቱንም ያደናግራል። የደረሰኝ ትርጉም የሚበላሸው አብዛኛውን ጊዜ በቃላት አይደለም። የትኛው ቁጥር በየትኛው ውስጥ እንዳለ፣ የትኛው ከየትኛው እንደተቀነሰ ባለመነገሩ ነው።

አንድ ጉዳይ ይዘን እንሂድ። ደሴ ፒያሳ አካባቢ ጁስ ቤት ያላቸው ጋሼ አሉ እንበል። የጎረቤታቸው ልጅ ሪያድ ትሠራለች። ጁስ መፍጫ ግዢልኝ፣ ገንዘቡን እዚህ ለእናትሽ በብር እሰጣለሁ ብለዋታል። እሷም መፍጫውን ገዛች፤ እግረ መንገዷን ለእናቷ ሁለት አንሶላ ጨመረች። ሁለቱም አንድ ደረሰኝ ላይ ወጡ። የደረሰኙ ፎቶ ስልክ ላይ ሲታይ ይህን ይመስላል (ለማሳያ ያዘጋጀሁት ነው፤ አሠራሩ ግን እንደ እውነተኛው ነው)፦

```
SIMPLIFIED TAX INVOICE
18/03/2025  21:40
BLENDER    1 x 230.00   230.00
 MARKDOWN 20%           -46.00
BEDSHEET   2 x  69.00   138.00
SUBTOTAL                322.00
PROMO EID10             -13.80
TOTAL INCL VAT          308.20
 EXCL VAT               268.00
 VAT 15%                 40.20
CARD                    308.20
YOU SAVED                59.80
```

የጋሼ ጥያቄ አጭር ነው፦ «የኔ ስንት ሆነ?» እዚህ ወረቀት ላይ ለዚህ ጥያቄ መልስ የሚመስሉ ቁጥሮች ሞልተዋል፤ ትክክለኛው ግን አንድ ነው፤ እሱም ራሱን ችሎ አልተጻፈም።

መጀመሪያ ቫቱን እንያዝ፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚያ ላይ ነው። የሳዑዲ ተጨማሪ እሴት ታክስ እ.ኤ.አ. በ2018 መጀመሪያ ላይ በ5 በመቶ ነው የጀመረው፤ ከሐምሌ 2020 ወዲህ 15 በመቶ ሆኗል። የእኛም 15 በመቶ ነው። ቁጥሩ መመሳሰሉ ነው ጣጣ የሚያመጣው። እዚህ ሰው የለመደው የካሽ ሬጂስተር ደረሰኝ በመጀመሪያ ታክስ ያልገባበትን ዋጋ ይጽፋል፣ ቀጥሎ ታክሱን፣ ከዚያ ጠቅላላውን። ያንኑ መፍጫ ደሴ ውስጥ በተመሳሳይ ዋጋ ብንገዛው ኖሮ እንዲህ ይወጣ ነበር፦

```
TXBL1         *160.00
TAX1 15.00%    *24.00
TOTAL         *184.00
```

ከላይ ወደ ታች እየደመሩ መውረድ ነው። ዓይናችን ይህን ስለለመደ፣ የሳዑዲውን ደረሰኝ ስናይ ከጠቅላላው በታች 40.20 ቫት ተጽፎ ስናገኝ እጃችን ወዲያው ወደ መደመር ይሄዳል፦ 308.20 ሲደመር 40.20፣ 348.40። ይህ ስህተት ነው። እዚያ አገር መደርደሪያው ላይ የሚለጠፈው ዋጋ ቫቱን የያዘ ዋጋ ነው። ከጠቅላላው በታች የሚታዩት ሁለት መስመሮች አዲስ ክፍያ አይደሉም፤ ያው 308.20 በሁለት ተከፍሎ ሲታይ ነው፦ 268.00 የዕቃው፣ 40.20 የመንግሥት።

ስለዚህ ተርጓሚው «ቫት 15 በመቶ፦ 40.20» ብሎ ብቻ ቢጽፍ ቃሉን በትክክል ተርጉሞ ሒሳቡን አሳስቷል። «ከላይ ባለው ጠቅላላ ውስጥ ያለ ቫት (15 በመቶ)፦ 40.20» ማለት አለበት። ጥቂት ቃል ይጨምራል፤ ክርክር ግን ያስቀራል።

ቫቱ ከውስጥ መሆኑን ወረቀቱ በግልጽ ባይጽፍስ? ያኔ ቀላል ማረጋገጫ አለ። በካርድ ወይም በጥሬ ገንዘብ የተከፈለውን መስመር ፈልጉ። እዚህ ካርዱ ላይ የተቆረጠው 308.20 ነው፤ 348.40 አይደለም። የተከፈለው ገንዘብ ከጠቅላላው ጋር እኩል ከሆነና ቫቱ ከጠቅላላው በታች ከተጻፈ፣ ቫቱ ውስጥ ነው። ሁለተኛው ማረጋገጫ በሒሳብ ነው። ውስጥ ያለን 15 በመቶ ለማውጣት ጠቅላላውን በ15 አባዝቶ ለ115 ማካፈል ነው፦

```
308.20 × 15 ÷ 115 = 40.20
```

ብዙ ሰው እዚህ ላይ ጠቅላላውን በቀጥታ በ15 በመቶ ያባዛና 46.23 ያገኛል፣ ከዚያ ደረሰኙ ተሳስቷል ይላል። ደረሰኙ አልተሳሳተም። 15 በመቶው የሚሰላው ቫት ከመግባቱ በፊት ባለው ዋጋ፣ ማለትም በ268.00 ላይ ነው፤ ቫቱ ከገባ በኋላ ባለው ላይ አይደለም። ደረሰኙ ከሳዑዲ ሳይሆን ከዱባይ ከሆነ ደግሞ ተመኑ 5 በመቶ ስለሆነ በ5 አባዝቶ ለ105 ማካፈል ይሆናል። ከሁሉ በፊት የመጣበትን አገር ማየት የሚያስፈልገው ለዚህ ነው።

ከእንግሊዝኛው ይልቅ ዓረብኛው የሚቀለው ሰው ወሎ ውስጥ አይጠፋም። ቁርአን የቀራ ሰው ትርጉሙን ባያውቅ እንኳ ፊደሉን ያነባል፤ ያም ይጠቅማል። «ፋቱራ» ደረሰኙ ነው፤ ከዓረብ አገር የተመለሰ ሁሉ ያውቀዋል። «ዶሪባ» ታክስ ነው፣ «ሻሚል» የሚል ቃል አጠገቡ ካለ ታክሱ ተካትቷል ማለት ነው። «ኸስም» ቅናሽ ነው። ግርጌው ላይ «ኢስቲርጃዕ» መመለስ ሲሆን «ኢስቲብዳል» መለወጥ ነው፤ እነዚህ ሁለቱ ወደ በኋላ ልዩነት ስለሚያመጡ ይያዙልኝ። ቁጥሩም በዓረብኛ አኃዝ ከተጻፈ ተጠንቀቁ፦ የእነሱ አምስት ክብ ስለሆነ ለእኛ ዜሮ ይመስላል፣ ዜሯቸው ነጥብ ብቻ ናት፣ ስድስታቸው ደግሞ ሰባትን ይመስላል። ጠቅላላው አልገጥም ካለ ከማንም በፊት እነዚህን ሦስቱን ጠርጥሩ።

አሁን ወደ ቅናሹ። እዚህ ደረሰኝ ላይ ሁለት ዓይነት ቅናሽ አለ፤ የጋሼን ሒሳብ የሚወስነውም የሁለቱ ልዩነት ነው። የመጀመሪያው ከመፍጫው ሥር ወደ ውስጥ ገባ ብሎ የተጻፈው የ46.00 ሪያል ቅናሽ ነው። ይህ የዕቃው ቅናሽ ነው፤ ሱቁ ራሱ ዋጋውን ዝቅ አድርጎ ሲሸጥ የሚወጣ ነው። ከአንድ ዕቃ ሥር ገባ ብሎ የተጻፈ ቅናሽ የዚያ ዕቃ ብቻ ነው። ስለዚህ መፍጫው 230.00 መሆኑ ቀርቶ 184.00 ሆኗል።

ሁለተኛው ከድምሩ በታች የመጣው EID10 የሚል ኮድ ነው። ኮድ ማለት ገዢው ለካሸሩ የሚነግረው ወይም ስልኩ ላይ የሚያሳየው፣ ሱቁ ለበዓል ሰሞን የሚያወጣው የቅናሽ ስም ነው። ኮዱ ራሱ አይተረጎምም፤ እንደተጻፈ ይቀመጣል፤ ሱቁ ቢጠየቅ የሚያውቀው በዚያ ስሙ ነውና። «ዒድ 10» ብሎ በአማርኛ የሚጽፍ ሰው አይቻለሁ፤ ለማንበብ ደስ ይላል፣ ለሌላ ግን አይረባም።

ኮዱ 10 በመቶ የሚቀንስ ይመስላል። ከ322.00 ላይ 10 በመቶ 32.20 ነው፤ የተቀነሰው ግን 13.80 ብቻ ነው። እዚህ ላይ «ሱቁ በላት» የሚል ሰው አይጠፋም። ቁጥሩን ግን ወደ ኋላ እንከተለው፦ 13.80 የ138.00 10 በመቶ ነው፤ 138.00 ደግሞ የሁለቱ አንሶላዎች ዋጋ ነው። ነገሩ ተፈታ። ኮዱ አስቀድሞ ቅናሽ የተደረገበትን ዕቃ አይነካም፤ የሠራው አንሶላዎቹ ላይ ብቻ ነው። ብዙ ሱቆች ይህን ደንብ ይጠቀማሉ፤ ደረሰኙ ላይ አያብራሩትም፣ ማስታወቂያው ላይ በትንሽ ፊደል ያስቀምጡታል። አንዳንዱ ደግሞ ከዚህ ያህል በላይ አይቀንስም ወይም ከዚህ ያህል በታች ለገዛ አይሠራም የሚል ገደብ አለው። የተቀነሰው ገንዘብ ከየትኛው ዕቃ ዋጋ ጋር እንደሚገጥም መሞከር ነው ብልሃቱ።

ስለዚህ የጋሼ ሒሳብ 184.00 ሪያል ነው። 230.00 አይደለም፤ ቅናሹ የሳቸው ዕቃ ቅናሽ ነው። 184.00 ላይ 15 በመቶ ተጨምሮም አይደለም፤ ቫቱ (24.00 ሪያል) ውስጡ አለ። ከኮዱ ቅናሽ ይካፈሉ ቢባልም አይሆንም፤ ኮዱ መፍጫውን አልነካውም። የእናቷ ሁለት አንሶላ 138.00 ሲቀነስ 13.80፣ 124.20 ይሆናል። ሁለቱ ሲደመሩ 308.20። ገጠመ። ትርጉም የሚሠራ ሰው ወረቀቱን ከመስጠቱ በፊት እንዲህ አንድ ጊዜ ደምሮ ካልገጠመለት፣ አንድ መስመር በተሳሳተ ቦታ አስቀምጧል ማለት ነው።

የመጨረሻው መስመር 59.80 አተረፍሽ ይላል። እሱ የሁለቱ ቅናሾች ድምር ነው (46.00 እና 13.80)፤ ደንበኛውን ለማስደሰት የተጻፈ እንጂ ሌላ ቅናሽ አይደለም። አንዳንድ ደረሰኝ ከዚህም በታች «በሚቀጥለው ግዢ ይህን ኮድ ተጠቀሙ» የሚል ሌላ ኮድ ያትማል። እሱም የዛሬው ሒሳብ ውስጥ የለበትም። ሁለቱም ሲተረጎሙ «ለማሳወቅ የተጻፈ» ብሎ ከሒሳቡ መለየት ይሻላል።

ቅናሽ የሚመስል፣ ቅናሽ ያልሆነ አንድ ነገርም አለ፦ የስጦታ ካርድ። ልዩነቱ የተጻፈበት ቦታ ላይ ነው። ቅናሽ ከጠቅላላው በላይ ይጻፋል፣ ጠቅላላውን ያሳንሳል፣ ቫቱም ባነሰው ዋጋ ላይ ይሰላል። የስጦታ ካርድ ግን ከጠቅላላው በታች፣ ከጥሬ ገንዘብና ከባንክ ካርድ ጎን ይጻፋል፤ መክፈያ ነው፣ ዋጋውን አይነካም። ልጅቷ 100 ሪያል በስጦታ ካርድ፣ 208.20 በባንክ ካርዷ ብትከፍል ኖሮ ዕቃዎቹ ያው 308.20 ናቸው፤ የጋሼም ዕዳ ያው 184.00 ነው።

እስካሁን ያለውን ወደ አማርኛ ስናመጣው፣ እኔ ብሆን እንዲህ አስቀምጠዋለሁ፦

ጁስ መፍጫ፣ 1፣ መደበኛ ዋጋ 230.00
የመፍጫው ቅናሽ 20 በመቶ፣ ሲቀነስ 46.00
አንሶላ፣ 2 በ69.00፣ 138.00
የዕቃዎቹ ድምር፣ ከኮድ ቅናሽ በፊት፣ 322.00
በ EID10 ኮድ የተቀነሰ፣ 13.80
የተከፈለ ጠቅላላ፣ ቫትን ጨምሮ፣ 308.20
በዚሁ ጠቅላላ ውስጥ፦ ያለ ቫት ዋጋ 268.00፣ ቫት 40.20
አከፋፈል፦ በባንክ ካርድ
ሁሉም በሳዑዲ ሪያል

ወደ ብር መለወጥ የትርጉሙ ሥራ አይደለም። የምንዛሬው ነገር በተስማሙበት ቀንና ዋጋ የሚወሰን ነው፤ ካስፈለገ ለብቻው ከታች ይጻፍ። ቀኑና ሰዓቱ ግን ይለወጣል። 18/03/2025 ቀን፣ ወር፣ ዓመት ሆኖ የተጻፈ ስለሆነ በእኛ መጋቢት 9 ቀን 2017 ዓ.ም. ነው፤ 21:40 ደግሞ ከምሽቱ 3፡40። ቀኑ እንደ ጌጥ አይታይ፤ ቀጥሎ የሚመጣው የመመለሻ ደንብ የሚቆጠረው ከእሱ ነው።

ግርጌው ላይ ያለው ጽሑፍ ይህ ነው፦

```
Exchange or refund within 7 days with original
receipt. Items must be unused and in original
packaging. Sale items: exchange only.
Refund to original payment method.
```

ደሴ ሱቅ ግድግዳ ላይ «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» የሚለውን ለለመደ ሰው፣ ይህ ሁሉ «ይመለሳል» የሚል ይመስለዋል። ተርጓሚዎችም «በ7 ቀን ውስጥ መመለስ ይቻላል» ብለው ይጨርሱታል። ወረቀቱ የሚለው ግን ከዚያ በጣም የጠበበ ነው።

የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ሁለት መብት ይሰጣል፦ ዕቃውን በሌላ መለወጥ ወይም ገንዘቡን መልሶ መውሰድ። «መመለስ» የሚለው የአማርኛ ቃል ሁለቱንም ስለሚሸፍን ብቻውን አይበቃም፤ «ዕቃ መለወጥ» እና «ገንዘብ ማስመለስ» ብሎ መለየት ያስፈልጋል። የሚፈለገው ደረሰኝም ዋናው ነው፤ በኢሞ የተላከው ፎቶ አይተካውም። ዕቃው በሰው እጅ ሲላክ ደረሰኙ ካርቶኑ ውስጥ ተከትቶ ደሴ ከገባ፣ ሪያድ ያለችው ልጅ ባዶ እጇን ቀረች ማለት ነው። ዋናው እሷ ጋ ይቅር፣ ፎቶው ይምጣ። እንዲያውም ዋናው የሚታተመው በሙቀት በሚሠራ ወረቀት ላይ ስለሆነ ፀሐይና ሙቀት ቶሎ ያደበዝዙታል፤ ፎቶ ማንሳቱ በተገዛ ዕለት ነው የሚሻለው።

ሰባት ቀኑን አንዳንድ ሱቅ ከተገዛበት ዕለት፣ አንዳንዱ ከማግስቱ ይቆጥራል፤ ይህ ወረቀት አይለይም። ስለዚህ ትርጉሙ ላይ «በ7 ቀን ውስጥ» ብሎ እንዳለ መተው ነው። ለሥራ ግን ጠባቡን መያዝ ይሻላል፦ ከመጋቢት 9 ዕለቱን ጨምሮ ብንቆጥር መጋቢት 15 ያበቃል። ዕቃው በመንገደኛ እጅ ደሴ እስኪደርስ ይህ ቀን አብዛኛውን ጊዜ ያልፋል። ያኔ ግርጌው ላይ ያለው ጽሑፍ ሁሉ ለዚህ ቤት የሚሠራ አይደለም፤ ይህን ለባለቤቱ መንገር ትርጉሙን ከማሳመር ይጠቅማል።

ጋሼን የሚነካው ሦስተኛው ዓረፍተ ነገር ነው። «ሴል» የሚባለው ቅናሽ የተደረገበት ዕቃ ነው፤ እሱ ይለወጣል እንጂ ገንዘብ አይመለስበትም። መፍጫው 20 በመቶ ተቀንሶለት የተሸጠ ነው። ልጅቷ በማግስቱ፣ ካርቶኑ ሳይከፈት ይዛው ብትመለስ እንኳ ሌላ ዕቃ ትወስዳለች እንጂ 184.00 ሪያል አይሰጧትም። የ46 ሪያሉ ቅናሽ የተገዛው በዚህ መብት ነው ማለት ይቻላል። አንሶላዎቹስ? እነሱ በኮድ ነው የተቀነሱት። ኮድ የሠራበት ዕቃ «ሴል» ይባላል ወይ የሚለውን ወረቀቱ አይመልስም፤ ስለዚህ ተርጓሚው በራሱ አይወስን፣ ልጅቷ ካሸሩን ትጠይቅ።

ሱቁ ገንዘብ እመልሳለሁ ቢልስ ስንት ይመለሳል? አንዱ አንሶላ 69.00 ተብሎ ተጽፏል፤ የተከፈለበት ግን በኮዱ 6.90 ተቀንሶ 62.10 ነው። የሚመለሰው 62.10 ነው። ቫቱም (8.10) አብሮ ይመለሳል እንጂ ለብቻው አይቀርም። 69.00 ጠብቆ የሄደ ሰው ካሸር ላይ ሊጮህ ይችላል፤ ካሸሩ ግን ልክ ነው።

የመጨረሻው ዓረፍተ ነገር ገንዘቡ በተከፈለበት መንገድ ይመለሳል ይላል። በልጅቷ ካርድ ተከፍሏል፣ ወደ እሷ ካርድ ይገባል። ጋሼ ለእናትየው በብር የሰጡትን የሚመልስላቸው ሱቁ አይደለም፤ ያ የሁለቱ ቤት ሒሳብ ነው።

ደረሰኙ ላይ አራት ማዕዘን ኮድም ይኖራል። ሳዑዲ ከታኅሣሥ 2021 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሱቆች እንዲያትሙት ታዛለች። በተራ የስልክ ካሜራ ሲነበብ ትርጉም የሌለው የፊደል ጥርቅም ይወጣል፤ ይህን አይቶ ሐሰተኛ ነው የሚል ሰው ይኖራል፣ አይደለም። የአገሩ የታክስ ባለሥልጣን መተግበሪያ ሲያነበው የሻጩን ስም፣ የታክስ ቁጥሩን፣ ቀንና ሰዓቱን፣ ቫትን የያዘውን ጠቅላላና ቫቱን ያወጣል። ደረሰኙ ተነካክቷል የሚል ጥርጣሬ ከመጣ የወረቀቱን 308.20 እና 40.20 ከዚያ ጋር ማስተያየት ነው። የዕቃዎቹን ዝርዝርና ቅናሹን ግን ኮዱ አይዝም፤ መፍጫው በ184.00 ለመሸጡ ማስረጃው ወረቀቱ ብቻ ነው።

ዋስትና ደግሞ ሌላ ነው። መፍጫው ከወር በኋላ ቢቃጠል የሚታየው ይህ የ7 ቀን ደንብ ሳይሆን ካርቶኑ ውስጥ ያለው የዋስትና ወረቀት ነው። እዚያ ላይ መጀመሪያ መፈለግ ያለበት መስመር ዋስትናው የሚሠራው በየትኛው አገር እንደሆነ የሚናገረው ነው።